ኦዲተሩ በቃል የተስማማበትን በደብዳቤ ላስመዝግበው ወይስ ዝም ልበል?

ሰላም ለሁላችሁ። አነስተኛ የኅትመት ሥራ አለኝ። ከ12 ቀን በፊት የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ደረሰኝ። ኦዲተሩ የሁለት ባንክ ሒሳቦቼን ስቴትመንት አይቶ፣ የገባውን ገንዘብ በሙሉ ሽያጭ ብሎ ደምሮታል። በዚህ ስሌት ካስታወቅሁት በላይ 540,000 ገቢ አለሽ ተባልኩ። ከዚህ ውስጥ 228,000ው እውነት ነው። የሁለት ወር ደረሰኝ ሳይመዘገብ አልፎናል፣ እሱን እከፍላለሁ። የቀረው 312,000 ግን ሽያጭ አይደለም። ከአንዱ ሒሳቤ ወደ ሌላው ያዛወርኩት የራሴ ገንዘብ ነው።

ትናንት ማክሰኞ ቢሮው ድረስ ሄጄ አነጋገርኩት። በትህትና ነው ያስተናገደኝ። የሁለቱንም ሒሳብ ስቴትመንት የባንኩ ማህተም ያለበትን እስከ ሰኞ ካመጣሁ፣ ዝውውሩን ከገቢው እንደሚቀንሰው ነገረኝ። ቅሬታ ማስገባትም አያስፈልግሽም፣ እዚሁ እናስተካክለዋለን አለ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ማታ ላይ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ምክንያቱም በእጄ ላይ ምንም ወረቀት የለም። የተነጋገርነውን ጽፌ ልስጠው ብዬ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፣ ከታች ለጥፌዋለሁ። ትክክል ነው? ሰውየውንስ ቅር ያሰኘው ይሆን?

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክሩ ረዝሟል፣ መሀሉ ላይም ሌላ ጨዋታ ገብቶበታል። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር መጨረሻው ምን ሆነ እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ መልሶቹን በቁጥራቸው ልተርካቸው። የረዳኝ ላይ እቆያለሁ፣ ሌላውን ቶሎ አልፋለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው ጨዋ ነበር። ጻፊው፣ ነውር የለውም አለኝ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያነጋገርሽውን ሰው ሙሉ ስምና የሥራ ድርሻ አስገቢ፣ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይሁን ብሎ መከረኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተጻፈ ደብዳቤ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የተፈጠረ ይመስላል፣ በማግስቱ የተጻፈ ግን ትኩስ ትዝታ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ይህ በደንብ ገባኝ።

መልስ 2

ሁለተኛው ጥያቄዬን በሌላ መንገድ ተረድቶታል። ኦዲተሩን የስምምነት ውል ላይ ላስፈርመው የፈለግሁ መስሎት፣ የትኛውም የግብር ሠራተኛ እንደዚያ ያለ ወረቀት ላይ አይፈርምም፣ አትድከሚ አለኝ። ፊርማ እንዳልፈለግሁ አስረዳሁት። እኔ የምፈርመው እኔ የሰማሁትን ነው። እሱ ማድረግ ያለበት ደብዳቤው ፋይሌ ውስጥ መግባቱን መፍቀድ ብቻ ነው። ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

መልስ 3

ከሁሉ የጠቀሙኝ እኚህ ናቸው። ብዙ ዓመት በግብር ኦዲት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ረቂቄን መስመር በመስመር አንብበውታል።

መጀመሪያ የነገሩኝ ፋይል እንዴት እንደሚኖር ነው። ኦዲተር ይዛወራል፣ ፈቃድ ይወጣል፣ ሥራ ይለቃል። ፋይሉ ግን እዚያው ይቀራል። በቦታው የሚመጣው ሰው የሚያውቅሽ ፋይሉ ውስጥ ባለው ወረቀት ብቻ ነው። በቃል የተባለው ከቀድሞው ሰው ጋር አብሮ ይሄዳል። አዲሱ ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚክድሽ፣ በእርግጥም ምንም ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው የሚጻፈው ዛሬ ላነጋገረሽ ሰው ሳይሆን ነገ ፋይሉን ለሚከፍተው ለማታውቂው ሰው ነው አሉኝ። ያ ሰው ሌላ ወረቀት ሳያገላብጥ ነገሩ እንዲገባው የመለያ ቁጥሬን፣ የውሳኔ ማስታወቂያውን ቁጥር፣ የግብር ዓመቱን ከላይ አስቀምጪ አሉ። ደብዳቤውንም ለኦዲተሩ በስሙ ሳይሆን ለክፍሉ ኃላፊ አድርጊው፣ ለኦዲተሩ ግልባጭ ይድረሰው፣ ስሙን በውስጡ ጥቀሺው አሉ።

ከዚያ ጠንከር ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ረቂቄ ላይ ቅጣቱም እንደሚነሳልኝ ተስማምተናል ብዬ ጽፌ ነበር። እውነት እንዲህ ብሏል ወይ አሉኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አላለም። ገቢው ሲቀንስ ቅጣቱም አብሮ ይቀንሳል ነው ያለው። ይነሳል የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ሳይታወቀኝ። እሳቸው እንዳሉት ያልተባለ አንድ መስመር ካስገባሁ ኦዲተሩ ያንን መስመር ይክዳል፣ በእሱ ምክንያትም የቀረው እውነት ሁሉ ይጠረጠራል። እንዲያውም የማይጠቅመኝንም ጭምር እንድጽፍ መከሩኝ። ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ ይነሳል የሚል ስምምነት እንደሌለ ራሴ ከጻፍኩት፣ አንባቢው ሌላውንም ያምነዋል።

መጨረሻ ላይ 312,000 ብለሽ በድምሩ አትጻፊ አሉ። እያንዳንዱን ዝውውር በቀኑና በመጠኑ ለይተሽ ዘርዝሪ። ያን ጊዜ ምክሩ ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ ያዳነኝ ግን እሱ ነው፣ እመለስበታለሁ።

መልስ 4

አራተኛው በቁጣ ነው የገባው። ሕግ አዋቂ መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ሁላችሁም ይህችን ሴት ጊዜዋን እያስበላችኋት ነው አለ። ኦዲተር በአፉ የተናገረው መሥሪያ ቤቱን አያስርም፣ እሷ ደግሞ ደብዳቤ ስለጻፈች አያስርም ወደ ያስራል አይለወጥም የሚል ነው ነገሩ። ቀጥሎ ማስታወቂያው ላይ ስንት ቀን የቅሬታ ጊዜ እንዳለ ጠየቀኝ። 30 ቀን ነው፣ 12ቱ አልፏል አልኩት። ታዲያ ሰውየው ቅሬታ አያስፈልግሽም ሲልሽ ምን ይዘሽ ነው ያመንሽው አለኝ። የቃል ስምምነትም ሆነ ደብዳቤ ቀኑን አያቆመውም። 30ው ቀን ካለፈ ውሳኔው ይጸናል፣ ከዚያ በኋላ ያለሽ ነገር የሰው በጎ ፈቃድ ብቻ ነው።

አነጋገሩ አሳመመኝ። ነገሩ ግን ትክክል ነበር፣ ሦስተኛው መላሽም ወዲያው ደገፉት። ደብዳቤው ለብቻው፣ ቅሬታው ለብቻው ይሂድ፣ ሁለቱም ይግቡ ተባልኩ። ደብዳቤው ውስጥም ቅሬታ የማቅረብ መብቴን እንዳልተውኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ።

መልስ 5

አምስተኛው የአራተኛው ድምፅ አናዶታል። የራሱን ታሪክ ይዞ መጣ። ውዝፍ ግብር ነበረበት፣ ከአስከፋዩ ሠራተኛ ጋር በስልክ ተነጋግሮ በ6 ወር ከፍሎ ሊጨርስ ተስማማ። በማግስቱ የየወሩን መጠንና ቀን ዘርዝሮ ደብዳቤ አስገባ። ሁለት ወር ከከፈለ በኋላ የባንክ ሒሳቡ ታገደ። ያነጋገረው ሠራተኛ ወደ ሌላ ክፍል ሄዷል። መዝገብ ቤት ማህተም ያደረገበትን ኮፒና ሁለቱን የክፍያ ደረሰኞች ይዞ ሄደ፣ በ4 ቀን እግዱ ተነሳ። ደብዳቤ ጥቅም የለውም የምትል ሰው የእኔን 4 ቀን አልኖርክም ብሎ ጨረሰ።

መልስ 6

አራተኛው ተመለሰ። ያ የተነሳልህ ኃላፊው ስለወደደ እንጂ ግዴታ ስለነበረበት አይደለም አለው። ያነጋገርከው ሰው ስድስት ወር የመፍቀድ ሥልጣን ነበረው ወይ ብሎም ጠየቀው። አምስተኛው አላውቅም አለ። እዚህ ላይ አራተኛው ግማሽ እውነት የያዘ ይመስለኛል። ሥልጣን የሌለው ሰው የፈቀደው በደብዳቤ ስለተጻፈ ሥልጣን አያገኝም። ግን አምስተኛው ያስረከበው ወረቀት ኃላፊው በጎ ፈቃዱን የሚያሳርፍበት ነገር ሰጥቶታል። ባዶ እጁን ሄዶ ቢሆን ኃላፊው ምን አይቶ ነው የሚፈቅድለት? እነሱ ግን ተጠዛጥዘው ሳይስማሙ ቀሩ።

ከዚህ ክርክር ለራሴ የወሰድኩት አለ። ኦዲተሩ ውሳኔውን የማሻሻል ሥልጣን እንዳለው ወይም ኃላፊው መፈረም እንዳለበት አልጠየቅሁም ነበር። ስደውል የሚፈርመው ኃላፊው መሆኑ ታወቀ። ደብዳቤውን ለኃላፊው ማድረጌ ልክ የሆነው በዚህም ነው።

መልስ 7 እና 8

ሰባተኛው በአንድ መስመር በስልክሽ ቅጂው ብሎ ሄደ። ስምንተኛው ጡረተኛው ናቸው፣ ተቃወሙት። ሰውን ሳያውቅ መቅዳት በብዙ ቦታ ራሱ ጣጣ ያመጣል፣ ሲቀጥል ድምፅ ፋይል ውስጥ አይገባም አሉ። አዲሱ ኦዲተር ወረቀት ያነባል እንጂ የ40 ደቂቃ ቅጂ ቁጭ ብሎ አያዳምጥም። ሰባተኛው አልተዋጠለትም፣ የሚክድ ሰው ሲገጥማችሁ ታዩታላችሁ አለ።

መልስ 9

ዘጠነኛዋ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። የደረሰባትን ስትነግረን ንዴቷ አሁንም አልበረደም። የደንበኛዋን ጉዳይ በስልክ ተስማምታ፣ ያንኑ ማታ ጥሩ ኢሜይል ጽፋለች። የላከችው ግን ለሠራተኛው በግል አድራሻው ነው። እሱም ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ ብሎ መልሶላታል። ከስድስት ወር በኋላ ሰውየው ሥራ ለቀቀ፣ ፋይሉ ውስጥ ግን ስለ ስምምነቱ አንድ ቃል የለም። ኢሜይሉን አትማ ስትወስድ ይህ የእናንተ የግል ደብዳቤ ነው ተባለች።

የእሷ ምክር አጭር ነው። ሁለት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። አንዱ በመዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፣ ሁለተኛው ላይ ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርገሽ ይዘሽ ተመለሺ። በኢሜይል ከሆነም ለመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ይሁን፣ ሠራተኛው ግልባጭ ላይ ይግባ። የገቢ ቁጥሩ የሌለው ደብዳቤ እሷ ዘንድ እንዳልተጻፈ ነው።

መልስ 10 እና 11

እዚህ ክሩ ሸሸ። አንዱ መዝገብ ቤት ኮፒ ላይ ማህተም አናደርግም ብለውት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አወራ፣ ሌላው በአደራ ፖስታ ላክና የመላኪያውን ደረሰኝ ያዝ አለው። ከዚያ ሰማያዊ ቀለም ይሻላል ጥቁር ወደሚል ጨዋታ ሄዱ። ሌላ ሴት ደግሞ ያልተመለሰላት የግብር ተመላሽ ስላለ ምን ታድርግ ብላ ጠየቀች፣ የራስሽን ክር ክፈቺ ተባለች። ትንሽ ጭካኔ ነበረበት። እኔ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ።

መልስ 12

ይህ ብዙ ያከራከረ ነው። ረቂቄ መጨረሻ ላይ በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጡኝ እንደተስማሙ እቆጥራለሁ የሚል ነበር። ዘጠነኛዋ ይቅር አትበዪው፣ ቀን ሲቆረጥ ሰው ይሠራል አለች። አራተኛው በግል ነጋዴዎች መካከል እንኳ ዝምታ ሁልጊዜ ስምምነት አይደለም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ደግሞ በዝምታው ልታስሪው አትችይም አለ። ጡረተኛው በሌላ በኩል ነው የመጡት። እንዲህ ያለ መስመር ያነበበ ኃላፊ የመጀመሪያ ሥራው አልተስማማንም ብሎ መጻፍ ነው፣ እንዲህ ተብሎ ከቀረበለት ዝም ማለት ያስፈራዋል አሉ። በምትኩ የተረዳሁት ስህተት ካለው በጽሑፍ ይታረምልኝ በይ አሉኝ።

እኔ የእሳቸውን መረጥኩ። ማን ትክክል እንደሆነ ግን እስካሁን ክሩ ላይ አልተቋጨም።

መልስ 13

አንድ በውጭ አገር የግብር ሥራ የሚሠራ ሰው የአሜሪካን ሕግ ለምሳሌ አመጣ። እዚያ ግብር ከፋዩ በጽሑፍ ጠይቆ፣ በቂና ትክክለኛ መረጃ ሰጥቶ፣ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ የተሳሳተ ምክር ከሰጠውና ያንን ምክር ተከትሎ ከሆነ፣ ከዚያ የመጣው ቅጣት ይነሳለታል። ግብሩ ራሱ አይነሳም። በቃል የተነገረ ምክር ደግሞ በዚያ አንቀጽ አይሸፈንም። የእያንዳንዱ አገር ሕግ ለየቅል ነው፣ ግን ልብ በይ አለኝ፣ ክብደቱ ያለው እነሱ በጻፉት ላይ ነው፣ አንቺ በጻፍሽው ላይ አይደለም። ስለዚህ ማስመዝገብ ብቻ ሳይሆን የጽሑፍ መልስ ጠይቂ።

አራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር ተስማማ።

መልስ 14

አንዲት እህት ለኃላፊው መጻፍ ኦዲተሩን መክሰስ አይሆንም ወይ ብላ ጠየቀች። ይህ የእኔም ጭንቀት ነበር። ስለዚህ ከማስገባቴ በፊት ለኦዲተሩ ደወልኩለት። የተነጋገርነውን ለፋይሉ ጽፌያለሁ፣ ለኃላፊው አድርጌዋለሁ፣ ግልባጭ ይደርስሃል አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እሺ አለ። በተነጋገርን በሦስተኛው ቀን ያስገባሁት ይህ ነው።

> ለኦዲት ክፍል ኃላፊ
>
> ጉዳዩ፦ በቃል የተነጋገርነውን በጽሑፍ ስለማሳወቅ
>
> የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር … የውሳኔ ማስታወቂያ ቁጥር … የግብር ዓመት …
>
> ማክሰኞ … ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በክፍሉ ተገኝቼ ኦዲተር አቶ …ን አነጋግሬያለሁ። ከውይይቱ የተረዳሁት የሚከተለው ነው። በውሳኔው እንደ ሽያጭ የተያዙት የ120,000፣ የ120,000 እና የ72,000 ገቢዎች (ቀናቸው በአባሪው ተዘርዝሯል) ከራሴ ሒሳብ ወደ ራሴ ሒሳብ የገቡ መሆናቸው በባንክ ስቴትመንት ከተረጋገጠ ከገቢው ይቀነሳሉ። ስቴትመንቶቹን እስከ ሰኞ … ቀን አቀርባለሁ። ቀሪውን 228,000 ተቀብያለሁ። ገቢው ሲቀንስ ቅጣቱም በዚያው ልክ እንደሚቀንስ ተነግሮኛል፤ ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ ይነሳል የሚል ስምምነት የለም። በሕግ የተሰጠኝን ቅሬታ የማቅረብ መብት አልተውኩም።
>
> የተረዳሁት ስህተት ካለበት በጽሑፍ እንዲታረምልኝ፣ ትክክል ከሆነም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።
>
> ግልባጭ፦ ለአቶ …፣ ኦዲተር

ኮፒዬ ላይ ማህተምና የገቢ ቁጥር አስደረግሁ። ሰኞ ስቴትመንቶቹን በሸኚ ደብዳቤ አስገባሁ፣ ሸኚው ላይም የመጀመሪያውን ደብዳቤ የገቢ ቁጥር ጠቀስኩ። ቅሬታዬን ደግሞ በ24ኛው ቀን አስገባሁ።

መልስ 15

ይህ የእኔ ነው፣ የሆነውን ለመንገር የጻፍኩት። ደብዳቤውን ካስገባሁ ከ13 ቀን በኋላ ከክፍሉ መልስ መጣ። ሁለቱ የ120,000 ዝውውሮች ተቀባይነት አግኝተዋል። የ72,000ው ግን አላገኘም። ለካ ኦዲተሩ ዝውውር ሲል በልቡ የያዘው ሁለቱን ብቻ ነበር። ሦስተኛውን ከአንዱ ሒሳቤ 75,000 በጥሬ ገንዘብ አውጥቼ፣ 3,000 ለወረቀት ከፍዬ፣ የቀረውን ከሁለት ቀን በኋላ ነው ሌላው ሒሳቤ ውስጥ ያስገባሁት። ስቴትመንቱ ላይ የሚታየው አንድ ቦታ የወጣ 75,000 እና ሌላ ቦታ የገባ 72,000 ነው። እኔ ዝውውር እለዋለሁ፣ እሱ ምንጩ ያልታወቀ ገቢ ይለዋል። ማክሰኞ ዕለት ሁለታችንም ተስማምተን ነው የተለያየነው፣ ግን የተስማማነው በሁለት የተለያየ ነገር ላይ ነበር።

ድምሩን ብቻ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት የሚወጣው የተሻሻለው ውሳኔ ሲመጣ ነበር። መልሱ እጄ የገባው በ27ኛው ቀን ነው። ቅሬታው ውስጥ ስለ 72,000ው በቂ ስላልጻፍኩ፣ የወረቀቱን ግዢ ደረሰኝ ጨምሬ በ29ኛው ቀን ተጨማሪ አስገባሁ።

መልስ 16

አምስተኛው እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ፣ ስለ 240,000ው ከተስማሙ ለዚያ ክፍል ቅሬታውን አንሺላቸው፣ መልካም ፈቃድ ያሳያል አለኝ። ጡረተኛውና አራተኛው ሁለቱም ተቃወሙ። የመጣው ደብዳቤ ይቀነሳል ይላል እንጂ አልተቀነሰም፣ የተሻሻለው የውሳኔ ማስታወቂያ በእጅሽ ገብቶ ቁጥሩን እስክታዪ ምንም አታንሺ አሉ። ዘጠነኛዋ ደግሞ ከአምስተኛው ጋር ናት።

እስከ ዛሬ አላነሳሁም። የተሻሻለውን ማስታወቂያ እየጠበቅሁ ነው። ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ መልሶ ያስገባ ሰው ኦዲተርን በምን እንዳሳመነ የሚያውቅ ካለ ከታች ይጻፍልኝ። የወረቀቱ ደረሰኝ ላይ ያለው ቀን ገንዘቡን ካወጣሁበት ቀን ጋር አንድ ነው።